«እንዲፈቀድልኝ» የምትለዋን ቃል አውጫት

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ስታዲየም አካባቢ ባለ አንድ የግል ሆስፒታል፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ነርስ ነኝ። 6 ዓመት ሆኖኛል። ዘንድሮ ጥቁር አንበሳ ለሁለተኛ ዲግሪ አልፌያለሁ፤ ድንገተኛ ሕክምናና ጽኑ ሕሙማን ነርሲንግ፣ በመደበኛው ፕሮግራም። ምዝገባው መስከረም 25 ነው። ለሜትሮናችን በቃል ስነግራት ‹በዚህ የሰው እጥረት ጥለሽን ልትሄጂ?› ብላ ተቆጣች። የሰው ሀብት ደግሞ ‹6 ዓመት የሠራ ሰው የ2 ወር ማስጠንቀቂያ ነው የሚሰጠው› አለኝ። ጓደኞቼ ‹የቤተሰብ ችግር ብለሽ ጻፊ፣ ቶሎ ይለቁሻል› ይላሉ። አምና ሆስፒታሉ ለአንድ ወር ሥልጠና ሲልከኝ የፈረምኩት ወረቀትም አለ። የጻፍኩትን ማመልከቻ አያይዣለሁ፤ እስቲ ይዩልኝ። ሲስተር ነኝ፣ ከአዲስ አበባ።»

እህቴ፣ ማመልከቻሽን አየሁት። ጽሑፍሽ ያምራል። ችግሩ ያለው መጨረሻ ላይ ነው፤ «ከሥራዬ እንድለቅ እንዲፈቀድልኝ በታላቅ ትህትና አመለክታለሁ» ብለሻል። ሁላችንም እንዲህ እንጽፋለን። ከትምህርት ቤት ጀምሮ የለመድነው የደብዳቤ አጻጻፍ ይኸው ነው፤ ቢሮ የሚገባ ወረቀት ሁሉ ልመና ይመስለናል።

የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ግን ማስታወቂያ ነው። «እንዲፈቀድልኝ» ያልሽ ዕለት አንድ ሰው «አልተፈቀደም» የሚልበትን በር ራስሽ ከፈትሽለት። እኔም ሜትሮን በነበርኩበት ዘመን እንዲህ ያለ ማመልከቻ ጠረጴዛዬ ላይ ሲመጣ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ መሳቢያ ውስጥ አቆየው ነበር። «እየታየ ነው» እላለሁ። ልጅቷ ትጠብቃለች። ቀኑ ይሄዳል። ክፋት አልነበረም፤ ናይት የሚገባ ሰው አጥቼ ነው። ለጠበቀችው ልጅ ግን ያው ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ይቺን ቃል አውጫት። በምትኩ «ሥራዬን የምለቅ መሆኑን አሳውቃለሁ» ብለሽ ጻፊ። ትህትናው ከፈለግሽ በሰላምታው ላይ ይሁን።

አሁን ወደ 2 ወሩ እንሂድ። የሰው ሀብቱ ሰውዬ ቁጥሩን ከየት እንዳመጣው ገብቶኛል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ውስጥ 2 ወር የሚል ነገር በእርግጥ አለ። ግን እሱ የአሠሪው ግዴታ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ እስከ 9 ዓመት ያገለገለን ሠራተኛ አሠሪው በማስጠንቀቂያ ሲያሰናብት የ2 ወር ጊዜ መስጠት አለበት። አንቺ ራስሽ ስትለቂ የሚመለከትሽ አንቀጽ 31 ነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ውሉን ማቋረጥ ይችላል ይላል። 6 ዓመትም ሠራሽ 16፣ ያው 30 ቀን ነው።

አንድ ነገር ግን ቤትሽ ገብተሽ ፈትሺ። ውልሽ ላልተወሰነ ጊዜ ነው ወይስ በየዓመቱ የሚታደስ? ለተወሰነ ጊዜ የተደረገ ውል ከሆነ የማስጠንቀቂያው ጊዜ በውሉ ላይ የተስማማችሁበት ነው። 6 ዓመት ሳይቋረጥ የሠራሽ ስለሆነ ያልተወሰነ ይመስለኛል፤ ቢሆንም ወረቀቱን በዓይንሽ እዪው። ይህን ሁሉ የምልሽ ሆስፒታሉ የግል ስለሆነ ነው። የመንግሥት ሆስፒታል ነርሶች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ነውና ይህን ዓምድ ቆርጠሽ ለጓደኛሽ እንዳትሰጪ።

30 ቀኑ የሚቆጠረው ማስጠንቀቂያው ከተሰጠበት ቀን ቀጥሎ ካለው የመጀመሪያ የሥራ ቀን ጀምሮ ነው። እዚህ ላይ ጳጉሜን ሰው ታሳስታለች። ብዙ ሰው «ነሐሴ 26 ሰጠሁ፣ መስከረም 26 እወጣለሁ» ብሎ ያስባል። አብረን እንቁጠር። ደብዳቤሽን ነሐሴ 26 አስገባሽ እንበል። መቁጠር የምትጀምሪው ነሐሴ 27 ነው። እስከ ነሐሴ 30 ድረስ 4 ቀን አለ። ጳጉሜን ዘንድሮ 5 ቀን ናት፤ 9 ሆነ። የቀረው 21 ነው። ስለዚህ 30ኛው ቀን መስከረም 21 ላይ ይውላል። መስከረም 26 ብለሽ ብትጽፊ 35 ቀን ሰጠሽ ማለት ነው፤ ምዝገባሽም ያልፋል። ጳጉሜን ለደመወዝ ባትቆጠርም ለማስጠንቀቂያ ትቆጠራለች። (ይህን ስጽፍ ስቄያለሁ፤ ስንት ዓመት ያበሳጨችን ወር አንዴ እንኳ ጠቀመችን።)

መስከረም 21 ወጥተሽ መስከረም 25 ትመዘገቢያለሽ። በመሃል 3 ቀን አለሽ። ከነሐሴ 26 ማሳለፍ የለብሽም፤ ከዚያ በፊት ብታስገቢ ደግሞ እሰየው።

ማስጠንቀቂያ ሳይሰጡ ቢወጡስ? ይህን የምነግርሽ እንድታደርጊው ሳይሆን ሲያስፈራሩሽ እንዳትደነግጪ ነው። በሕጉ መሠረት ሠራተኛው ካሳ ይከፍላል፤ ካሳው ግን ከ30 ቀን ደመወዙ አይበልጥም፤ የሚቆረጠውም ከሚቀረው ክፍያ ላይ ነው። «ዲግሪሽን እንይዛለን»፣ «ፈቃድሽን እናዘጋለን» የሚባለው ሁሉ እዚያ ውስጥ የለም።

የሥልጠናው ወረቀት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከማስጠንቀቂያው ጋር አታቀላቅዪው። የ30 ቀኑ ጣሪያ ለእሱ አይሠራም፤ እሱ በራሱ የቆመ ውል ነው። ቅጂው ከሌለሽ ደብዳቤሽን ከማስገባትሽ በፊት ጠይቂ። ከዚያ ሦስት ነገር እዪበት። ለምን ያህል ጊዜ ለማገልገል ፈረምሽ? ብትለቂ የምትመልሺው ገንዘብ በቁጥር ተጽፏል ወይስ «ወጪውን በሙሉ» ነው የሚለው? ያገለገልሽበት ጊዜ ሲጨምር ዕዳው ይቀንሳል ወይስ እስከ መጨረሻው ቀን ያው ነው? ለምሳሌ 2 ዓመት ለማገልገል ፈርመሽ አንዱን ዓመት ጨርሰሽ ከሆነ፣ ውሉም በተመጣጣኝ የሚቀንስ ከሆነ፣ ግማሹ ነው የሚቀርሽ። «ወጪውን በሙሉ» የሚል ከሆነ ደግሞ ወጪው ምን ምን እንደሆነ በደረሰኝ እንዲያሳዩሽ ጠይቂ። አንድ ወር ሙሉ ደመወዝሽን እየከፈሉ ላኩሽ እንጂ ለሥልጠናው ራሱ የከፈሉት ትንሽ ሊሆን ይችላል። ተነጋግራችሁ የደረሳችሁበት ቁጥር በጽሑፍ ይሁን።

አሁን ደብዳቤው። ያንቺን አስተካክዬ እንዲህ ጽፌልሻለሁ።

ነሐሴ 26 ቀን 2018 ዓ.ም.
ለሆስፒታሉ የሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል
አዲስ አበባ
ጉዳዩ፦ ሥራ መልቀቄን ስለማሳወቅ
በሆስፒታሉ የጽኑ ሕሙማን ክፍል በነርስነት ሙያ ላለፉት 6 ዓመታት ሳገለግል ቆይቻለሁ። የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርቴን ለመከታተል ስለምሄድ በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 31 መሠረት የ30 ቀን ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ በመስጠት ሥራዬን የምለቅ መሆኑን አሳውቃለሁ። የመጨረሻ የሥራ ቀኔ መስከረም 21 ቀን 2019 ዓ.ም. ይሆናል። እስከዚያው ድረስ በእጄ ያለውን ሥራና ንብረት አስረክባለሁ። የሥራ ልምድ ማስረጃዬና ያልተጠቀምኩበት የዓመት ፈቃድ ክፍያ እንዲዘጋጅልኝ እጠይቃለሁ።
ከሰላምታ ጋር
(ስም፣ ፊርማ፣ የመታወቂያ ቁጥር)
ግልባጭ፦ ለነርሲንግ አገልግሎት ኃላፊ

በቃ ይህ ነው። ግማሽ ገጽ አይሞላም። «እጠይቃለሁ» የምትለዋ አንድ ቦታ ብቻ እንደገባች አየሽ? ማስረጃውንና ክፍያውን ትጠይቂያለሽ። መልቀቅሽን ግን ታሳውቂያለሽ።

ስለ «የቤተሰብ ችግር» የመከሩሽን ጓደኞችሽን አትስሚ። የጥቁር አንበሳ ተማሪ ሆነሽ ለክሊኒካል ልምምድ የምትወጪባቸው ቦታዎች ላይ የዛሬ ባልደረቦችሽን ታገኛለሽ። የአዲስ አበባ የጽኑ ሕሙማን ነርሶች ዓለም ከአንድ ዕድር አይሰፋም። ከዚያ ደግሞ ትምህርት ብለሽ መጻፍሽ ጉዳት የለውም፤ ለ30 ቀኑ ማስጠንቀቂያ ምክንያትሽን ማንም አይመዝነውም። በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊውና እለፊ። የደመወዝ ቅሬታ፣ ናይት በዝቶብኛል፣ ሜትሮኗ እንዲህ አለችኝ፣ ይህ ሁሉ እዚህ ወረቀት ላይ አይግባ። ፋይልሽ ውስጥ ዓመታት የሚቀመጥ ወረቀት ነው። «ትምህርቴን ስጨርስ ተመልሼ አገለግላለሁ» የምትለዋንም ሰርዣታለሁ። ከልብሽ ብለሽው ይሆናል፤ ግን ማንም ያልጠየቀሽን ቃል በፊርማሽ አትስጪ። ቅዳሜና እሑድ በትርፍ ሰዓት መሥራት ከፈለግሽ እሱን ለብቻው፣ የክፍል ፕሮግራምሽን ካየሽ በኋላ ተነጋገሪ። መደበኛ ፕሮግራም እንኳን ለትርፍ ሥራ ለእንቅልፍም ጊዜ አይሰጥም ይላሉ የተማሩት።

ደብዳቤውን ሁለት ቅጂ አትሚ። አንዱን ለመዝገብ ቤት ስጪ፤ ሁለተኛው ላይ «ገቢ» የሚል ማኅተም፣ ቀንና ቁጥር አስመትተሽ ይዘሽው ውጪ። ይህን አጥብቄ የምነግርሽ ተቀጥቼበት ነው። ወጣት ሳለሁ ከአንድ ሆስፒታል ስለቅ ደብዳቤዬን ለአለቃዬ ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ወደ ዱቲዬ ገባሁ። በ12ኛው ቀን ብጠይቅ «የምን ደብዳቤ?» ተባልኩ። ማስረጃ የለኝም። እንደገና ጽፌ እንደገና ከአንድ መቁጠር ጀመርኩ። አዲሱ መሥሪያ ቤቴ ደግ ባይሆን ኖሮ ሥራውም ይቀርብኝ ነበር።

«አንቀበልም» ቢሉሽስ? ይሆናል፤ በተለይ ሜትሮኗ ከሰው ሀብት ጋር ተነጋግራ ከሆነ። ሠራተኛ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ለአሠሪው ወይም ለወኪሉ በእጅ ሊሰጥ ወይም ወደ ቢሮው ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ከስታዲየም ብዙም አይርቅሽም፣ ቸርችል ወደሚገኘው ዋና ፖስታ ቤት ሄደሽ በሪኮማንዴ ላኪው። ደረሰኙን ከቅጂው ጋር አያይዘሽ አስቀምጪ። እኔ የማውቃቸው ቢሮዎች ሪኮማንዴ ሲመጣ ጸባያቸው ወዲያው ይስተካከላል።

ነገር ግን ከመዝገብ ቤት በፊት ሜትሮኗ ጋ ግቢ። አንዴ ተቆጥታሻለች፤ ይሁን። ደብዳቤውን ከሌላ ሰው ከሰማች ቁጣው ሌላ ይሆናል። የምትነግሪያት ቀንና ሥራ ይሁን እንጂ ማባበል አይሁን። «መስከረም 21 የመጨረሻ ቀኔ ነው፤ የመስከረም ስኬጁል ከመውጣቱ በፊት ልንገርሽ ብዬ ነው» በያት። በዕድሜ ከፍ ያለች ከሆነች «ልንገርዎት» ትያለሽ፤ ያንቺን ቤት አንቺ ታውቂያለሽ። ሜትሮን የሚያስቆጣው ሰው መልቀቁ አይደለም። የወጣ ስኬጁል ማፍረስ ነው።

ስኬጁሉን ካነሳን አይቀር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ይኸውልሽ። የመስከረም 21 ናይት የሚያልቀው መስከረም 22 ጠዋት ነው። የመጨረሻ ዱቲሽ ናይት እንዳይሆን አስቀድመሽ ተናገሪ። ስኬጁሉ ሲለጠፍም ከ21 በኋላ ስምሽ እንዳለ እዪ። ካለ ወዲያው አሰርዢ። ስምሽ እዚያ ቀርቶ ካልመጣሽ ክፍሉ ሰው ያጣል፤ ፋይልሽ ላይ ደግሞ «ከሥራ ቀርታለች» ተብሎ ይጻፋል፤ ክሊራንስሽም እዚያ ላይ ይቆማል።

ክሊራንስ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። አንቺ ጋ ሁለት ቦታ ላይ ሊጠምድ ይችላል። አንዱ ንብረት ነው። በስምሽ ወጥቶ አንቺ የረሳሽው ነገር ይኖራል፤ ፐልስ ኦክሲሜትር፣ ላሪንጎስኮፕ፣ የሎከር ቁልፍ። ክፍሉ ውስጥ ሁሉም ሲጠቀምበት የኖረ ዕቃ በመጨረሻው ቀን ያንቺ ዕዳ ይሆናል። የመጨረሻውን ቀን አትጠብቂ። መስከረም እንደገባ ስቶር ሄደሽ በስምሽ ያለውን ዝርዝር ጠይቂ፤ አንድ በአንድ አስረክቢ፤ ተረካቢው እንዲፈርም አድርጊ።

ሌላው ሞርፊንና ፔቲዲን የሚመዘገብበት መዝገብ ነው። ቁጥጥር የሚደረግባቸው መድኃኒቶች ላይ የፈረምሽበት ገጽ ሁሉ ስምሽን ይዞ ይቀራል። አንድ አምፑል የጎደለበት፣ የተረፈውን ሲደፋ ምስክር ያልፈረመበት መስመር ካለ አንቺ እያለሽ ነው መስተካከል ያለበት። ከወጣሽ ከ2 ወር በኋላ ቆጠራ ተደርጎ ቢጎድል ለማስረዳት የምትሆኚበት ቦታ የለም። ስለዚህ በመጨረሻው ዱቲሽ ቁልፉን ስታስረክቢ ከተረካቢዋ ጋር አብራችሁ ቁጠሩ። የቀረውን በቁጥር ጻፉ። ሁለታችሁም ፈርሙ። እኔ እንዲያውም የዚያን ዕለት ቀንና ሰዓት በራሴ ማስታወሻ ደብተር እጽፈው ነበር።

ገንዘቡን በተመለከተ ብዙ አላስረዝምም። ከለቀቅሽበት ቀን ጀምሮ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ሊከፍሉሽ ይገባል፤ በእጅሽ ያለውን ንብረት አንቺ ካዘገየሽ ግን ጊዜው ይራዘማል። ለዚህም ነው ንብረቱን ቀድመሽ ጨርሺ ያልኩሽ። ያልወጣሽበት የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይከፈላል። ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በኋላ በየ2 ዓመቱ 1 ቀን ይጨመራል፤ አንቺ 18 ላይ ደርሰሻል። ምን ያህሉን እንደወሰድሽ ከፈቃድ ቅጾችሽ ጋር አስተያዪው፤ የእነሱ ቁጥርና ያንቺ ቁጥር አይገጥምም፣ እንደምታዪው።

የሥራ ልምድ ማስረጃው ላይ ግን ቆይ እንበል፤ ለ6 ዓመትሽ የሚቀርሽ ወረቀት እሱ ነው። ሕጉ አሠሪው በነጻ እንዲሰጥሽ ያዛል፤ የሠራሽውን የሥራ ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመንሽንና ደመወዝሽን ይጨምራል። «ነርስ ሆና አገልግላለች» ብቻ ብለው ሊጽፉልሽ ይሞክራሉ። አትቀበዪ። «በጽኑ ሕሙማን ክፍል» የሚለው ከነቀኑ ይግባ። ጽኑ ሕሙማን እየተማርሽ፣ ነገም በዚሁ ሙያ ስትቀጠሪ፣ የሚቆጠርልሽ እሱ ነው። «የሥራ ግብር የተከፈለበት» የሚለው ዓረፍተ ነገርም ይኑር፤ መንግሥት መሥሪያ ቤት ብትወዳደሪ ከግል ድርጅት የመጣ ልምድ ላይ የሚጠየቀው እሱ ነው። በሆስፒታሉ ውስጥ የወሰድሻቸውን የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ሥልጠናዎች ሰርተፊኬትም በዚያው ሰብስቢ፤ የሙያ ፈቃድሽን ስታሳድሺ ትፈልጊያቸዋለሽ፤ ከውጭ ሆኖ መለመን ደግሞ ከባድ ነው።

ወረቀቱ ሲሰጥሽ ቦርሳሽ ውስጥ ከማስገባትሽ በፊት እዚያው መስኮቱ ላይ ቆመሽ አንብቢው። በተለይ በእንግሊዝኛው በኩል የተጻፈውን ስምሽን ከዲግሪሽ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዪ። የአባትሽ ስም ላይ አንድ ፊደል ቢለያይ ለማረም እንደገና ትመላለሻለሽ፤ ያኔ ደግሞ ትምህርት ጀምረሻል፣ የፈረመው ሰውዬም ፈቃድ ላይ ይሆናል።